314 የምን ይዘት ነው? ስለ ውስጠ ባዶ ቧንቧና ለመምህር ስለሚጻፍ የስህተት ማብራሪያ

(ለሒሳብ መምህራን ስብሰባ የተዘጋጀ ዲስኩር)



ዛሬ ይዤ የመጣሁት አንድ ጥያቄና ለዚያ ጥያቄ የሚሰጥ አንድ የተሳሳተ መልስ ነው። ጥያቄውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቁጥሩ ይለያይ እንጂ ሁላችንም ሰሌዳ ላይ ጽፈነዋል። «ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ የብረት ቧንቧ የውጭ ዲያሜትሩ 8 ሴንቲ ሜትር፣ የውስጥ ዲያሜትሩ 6 ሴንቲ ሜትር ነው። ቧንቧው የተሠራበት ብረት ይዘት ስንት ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው? π = 22/7 ተብሎ ይወሰድ።»

መልሱ 2200 ነው። የውጭው ራዲየስ 4፣ የውስጡ 3 ነው። አራት በራሱ ሲባዛ 16፣ ሦስት በራሱ ሲባዛ 9፣ ልዩነታቸው 7 ይሆናል። ሰባት በ22/7 ሲባዛ 22፣ ያም በመቶ ሴንቲ ሜትር ሲባዛ 2200። የተሳሳተው መልስ ደግሞ 314 ነው። ይህን ጥያቄ በሰጠሁበት ክፍል ሁሉ 314 ጠፍቶ አያውቅም። ጎበዝ ከምንላቸው ተማሪዎች ወረቀት ላይ ሳይቀር ይገኛል።

ብዙዎቻችን በቀይ እስክሪብቶ እናቋርጠዋለን፤ አጠገቡ ትክክለኛውን ቀመር እንጽፍና ወደሚቀጥለው ወረቀት እናልፋለን። ተማሪውም ቀመሩን ይገለብጣል። በሚቀጥለው ፈተና ቁጥሩ ተቀይሮ ሲመጣ ያው ስህተት ተመልሶ ይመጣል፤ ምክንያቱም 314ን ያመጣው ሐሳብ አልተነካም። እኔ በዚህ ፈንታ የማደርገው ተማሪው የተሳሳተውን መልስ በአንድ ገጽ ደብዳቤ እንዲያስረዳኝ መጠየቅ ነው። ዛሬ ስለዚያ ደብዳቤ እናገራለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ቁጥሩን ራሱን እንመርምረው።

አንዳንድ የተሳሳቱ መልሶች ደብዳቤ አያስፈልጋቸውም፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። አንድ ተማሪ 8800 ካለ ዲያሜትሩን እንደ ራዲየስ ወስዶታል፤ መልሱ ከትክክለኛው በአራት እጥፍ የበለጠውም በዚህ የተነሳ ነው። 2829 ካለ ብረቱን ትቶ ቀዳዳውን ለክቷል። ይህ የተማሪው ጥፋት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ጥያቄያችን «የቧንቧው ይዘት» ብሎ ካቆመ ብረቱን ይሁን ውስጡ የሚሞላውን ውሃ እንደምንጠይቅ በግልጽ አልተናገርንም። 22 ካለ ደግሞ አንዱን ሜትር ወደ ሴንቲ ሜትር አልለወጠም። እነዚህን ሦስቱን ወረቀቱን አይቼ ወዲያው አውቃቸዋለሁ።

314 ግን እንዲህ አይታወቅም፤ ወደ እሱ የሚወስዱ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉና። አንዱ ተማሪ ሁለቱን ራዲየሶች አስቀድሞ ቀንሶ ልዩነቱን በራሱ ያባዛል፤ 4 ሲቀነስ 3 አንድ ነው፣ አንድ በራሱ ሲባዛ አንድ ነው። ሌላው ተማሪ ደግሞ ቀንሶ ሲያበቃ በራስ ማባዛቱን ጨርሶ ይረሳዋል፤ ለእሱም አንድ አንድ ነው። ሁለቱም 314 ያገኛሉ። የመጀመሪያው ቀመሩን ያውቃል፣ ችግሩ ምን ከምን እንደሚቀነስ አለማስተዋሉ ነው። ሁለተኛው የክብ ስፋት ከየት እንደሚመጣ ገና አልገባውም። ለሁለቱ የሚሰጠው ትምህርት ጨርሶ አይገናኝም፤ ወረቀታቸው ላይ ያለው ቁጥር ግን አንድ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። 4 እና 3ን የደመረ ተማሪ 7 ያገኛል። ሰባት ደግሞ ትክክለኛው ቁጥር ነው! ስለዚህ ለምን እንደደመረ ሳያውቅ የደመረ ልጅ 2200 ጽፎ ሙሉ ነጥብ ይወስዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው የግድግዳው ውፍረት 1 ስለሆነ ነው። ስሌቱ እንዲቀልላቸው ብለን የመረጥነው ቁጥር እኛኑ ያሳውረናል።

ጆን ሲሊ ብራውንና ሪቻርድ በርተን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሕፃናትን የመቀነስ ስሌት መርምረው ነበር። ያሳዩት ነገር ብዙው ስህተት በግድየለሽነት እንደማይመጣ ነው። ልጁ አንድ ሕግ አለው፤ ሕጉ የተሳሳተ ነው፣ እሱ ግን በታማኝነት ይከተለዋል። ስለዚህ የሚቀጥለውን የተሳሳተ መልሱን እንኳ አስቀድሞ መተንበይ ይቻላል። 314ም እንዲህ ያለ መልስ ነው። ከጀርባው ሕግ አለ፤ ሕጉን የሚያውቀው ደግሞ ተማሪው ብቻ ስለሆነ ጠይቀን መስማት አለብን።

ደብዳቤ ጻፉ ሲባሉ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚጽፉት ይቅርታ ነው። «ሳላነብ ገብቼ ነው»፣ «ቸኩዬ ነው»፣ «ሁለተኛ አይለመደኝም» ይላሉ። ልጆቹ ያደጉት ስህተትን እንደ ጥፋት በሚያይ ቤትና ትምህርት ቤት ስለሆነ አልፈርድባቸውም፤ ነገር ግን ከእንዲህ ያለ ደብዳቤ የምማረው የለም፣ እነሱም አይማሩበትም። ስለዚህ ይቅርታውን ከልክዬ በምትኩ አንድ ጥያቄ ሰጠኋቸው፦ ያገኘኸው ቁጥር የምን ይዘት ነው? መልሱ ለዚህ ቧንቧ የተሳሳተ ቢሆንም ቁጥሩ የሆነ ነገር ይዘት መሆኑ አይቀርም። ያንን ነገር ፈልገህ አምጣልኝ እላለሁ።

አሁን የማነብላችሁ ደብዳቤ የአንድ ተማሪ አይደለም። በዚህ መንገድ ከተጻፉልኝ ደብዳቤዎች የተሻለውን ሐሳብ ሰብስቤ፣ አንዲት ተማሪ እንደጻፈችው አድርጌ ያቀናጀሁት ነው።

«ይድረስ ለሒሳብ መምህራችን፦

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩልዎ በፈተናው የቧንቧ ጥያቄ ላይ 314 ያልኩበትን ምክንያት ላስረዳዎ ብዬ ነው።

ቧንቧው ውስጡ ባዶ ስለሆነ ብረት ያለው ግድግዳው ላይ ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ። የግድግዳው ውፍረት 4 ሲቀነስ 3፣ ማለት 1 ሴንቲ ሜትር ነው። የሲሊንደር ይዘት ፓይ ሲባዛ በራዲየሱ ካሬ ሲባዛ በቁመቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ በራዲየሱ ቦታ ውፍረቱን አስገባሁና አንድ በራሱ አባዝቼ፣ በፓይና በመቶ አባዝቼ 314 አገኘሁ።

መልሱን ሳልፈትሸው አላስረከብኩም። በመጀመሪያ ቀዳዳው ባይኖርስ ብዬ የውስጡን ራዲየስ ዜሮ አደረግኩት። 4 ሲቀነስ ዜሮ አራት ነው፤ በራሱ ሲባዛ 16፤ የድፍን ብረት ይዘት ሆነ፣ ልክ ነው። ቀጥዬ ግድግዳው እየሳሳ ሄዶ ቢጠፋስ ብዬ ሁለቱንም ራዲየሶች 4 አደረግኳቸው። ዜሮ ሆነ፤ ብረት ከሌለ ይዘቱ ዜሮ ነው፣ ይኸም ልክ ነው። በሁለቱም ጫፍ ልክ ከሆነ መሃሉም ልክ መሆን አለበት ብዬ አመንኩ።

ስህተቱን ያገኘሁት በኋላ ቧንቧውን በሐሳቤ ለሁለት ስከፍለው ነው። የከፈልኩት ርዝመቱን አይደለም፣ ውፍረቱን ነው። አንዱ ቀጭን ቧንቧ ከ3 እስከ 3.5፣ ሌላው ከ3.5 እስከ 4 ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። የእያንዳንዳቸው ውፍረት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በእኔ አሠራር የአንዱ ይዘት 79 ገደማ ነው። ሁለቱን ስደምራቸው 157 ሆነ። ብረቱ ግን ያው ብረት ነው፤ አልቀነስኩለትም። ለአራት ስከፍለው ደግሞ ድምሩ 79 ብቻ ሆነ። በሐሳብ ስለተከፈለ የሚያልቅ ብረት ስለሌለ አሠራሬ ስህተት መሆኑን የመልሱን ወረቀት ሳላይ አወቅኩ።

ከዚያ እርስዎ የጠየቁንን ጠየቅኩ፤ ታዲያ 314 የምን ይዘት ነው? ራዲየሱ 1 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ የድፍን ዘንግ ይዘት ነው። የግድግዳውን ውፍረት ወስጄ መሃል ላይ ቀጭን ዘንግ አቁሜያለሁ ማለት ነው። ራዲየስ የሚነሳው ከመሃል ነው፤ የእኔ አንድ ሴንቲ ሜትር ግን ከመሃል አይነሳም፤ 3 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይጀምርና ቀዳዳውን እየከበበ ይዞራል። እየራቀ በሄደ ቁጥር የሚዞረው መንገድ ይረዝማል፤ ብረቱም ይበዛል። እኔ ያን ዙር ሳልቆጥር ነው የቀረሁት።

አክባሪዎ ተማሪዎ።»

ይህ ደብዳቤ ምን እንደሚያስተምረን አብረን እንየው። ተማሪዋ ሁለቱን ጫፎች መፈተሿ የሚያስመሰግናት ነው፤ እኛም «መልሳችሁን በቀላል ቁጥር ፈትሹ» እያልን እናስተምራለን። ታዲያ ፈተናው ለምን አሳሳታት? ትክክለኛው አሠራር የራዲየሶቹን ካሬዎች ልዩነት ይወስዳል፤ ያም ልዩነታቸው በድምራቸው ሲባዛ ማለት ነው። የእሷ አሠራር ልዩነታቸውን በልዩነታቸው ያባዛል። ስለዚህ የእሷ መልስ ከትክክለኛው የሚያንሰው ድምሩ ለልዩነቱ ሲካፈል በሚገኘው ቁጥር እጥፍ ነው። በዚህ ቧንቧ 7 ለ1 ስለሆነ በሰባት እጥፍ አንሷል። ቀዳዳው ዜሮ ሲሆን ድምሩና ልዩነቱ አንድ ይሆናሉ፤ ስህተቱም ይደበቃል። ግድግዳው ሲጠፋ ደግሞ ሁለቱም መልሶች ዜሮ ስለሚሆኑ እንደገና ይደበቃል። መርማሪ ቁጥር የመረጠችው ስህተቱ በማይታይባቸው ሁለት ቦታዎች ብቻ ነው።

ግድግዳው በሳሳ መጠን ስህተቱ እየከፋ እንደሚሄድም ከዚሁ ይታያል። የውጭ ራዲየሱ 5.5፣ የውስጡ 5.2 ሴንቲ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ ውሰዱ፤ ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የፕላስቲኩ ትክክለኛ ይዘት 101 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በተማሪዋ የቀድሞ አሠራር ግን 3 እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለ ቁራጭ ቱቦ ክፍል ውስጥ ይዛችሁ ብትገቡ፣ መለኪያ መስመር ባለው ሰፊ ዕቃ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ ብትነክሩት፣ ውሃው ስንት ከፍ እንዳለ ተማሪው በዓይኑ ያያል። ቁራጩ እንዳይንሳፈፍ በቀጭን ሽቦ ወደ ታች መያዝ፣ በውስጡም አየር እንዳይቀር አዘንብሎ መንከር ያስፈልጋል።

ለሁለት የመክፈል ፈተናዋ ግን ከሁሉ የበለጠ ነው፤ ሁሉም መምህር ሊይዘው ይገባል እላለሁ። ይዘት የሚደመር ነገር ነው። አንድን ዕቃ በፈለግነው መንገድ ብንከፋፍለው የክፍሎቹ ድምር ከሙሉው ጋር እኩል መሆን አለበት። አንድ አሠራር ይህን ካፈረሰ፣ መልሱን ሳናውቅ እንኳ አሠራሩ እንደማይሆን እናውቃለን። የእሷ አሠራር ለሁለት ሲከፈል ግማሹን፣ ለአራት ሲከፈል ሩቡን ይሰጣል። ትክክለኛውን አሠራር በዚያው ፈትሹት፦ 3.5 በራሱ 12.25 ነው። ከ12.25 ዘጠኝ ሲቀነስ 3.25፣ ከ16 ደግሞ 12.25 ሲቀነስ 3.75። ድምራቸው 7። ብረቱ አልጎደለም። ውፍረታቸው እኩል ሆኖ ሳለ የውጭው ቅጠል ከውስጡ መብለጡንም ልብ በሉ፤ «እየራቀ በሄደ ቁጥር ብረቱ ይበዛል» ያለችው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ዘንጓ ልመለስ። ዲያሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድፍን የብረት ዘንግ በየግንባታው ቦታ አለ፤ ባለ 20 ፌሮ የምንለው ነው፣ 20 ሚሊ ሜትር ለማለት። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ብረት 7.85 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ 314 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.47 ኪሎ ገደማ ነው፤ የባለ 20 ፌሮ የአንድ ሜትር ክብደትም በትክክል ይኸው ነው። ቧንቧችን ግን 2200 በ7.85 ሲባዛ 17 ኪሎ ከሩብ ይሆናል። ዘንጉን አንድ ልጅ በአንድ እጁ እንደ ዱላ ይዞት ይሮጣል፤ ቧንቧውን ሊያነሳ ሲሞክር ግን ወገቡን ያጎብጠዋል። አባቱ ወይም ወንድሙ ብረታ ብረት ቤት የሚሠራ ተማሪ ክፍላችሁ ውስጥ ካለ ይህን ጥያቄ ለእሱ ስጡት፤ ግድግዳው አንድ ሴንቲ የሆነ ቧንቧ ከአንድ ፌሮ ጋር እኩል ሊመዝን እንደማይችል ሳያሰላ ይነግራችኋል።

ብዙ ደብዳቤዎች እዚህ ያበቃሉ። እኔ ግን አንድ እርምጃ ልቀጥል፤ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ይበልጥ የምወደው ክፍል እሱ ስለሆነ ነው።

ቧንቧውን በርዝመቱ በመጋዝ ሰንጥቀን እንደ ላሜራ ዘርግተነዋል እንበል። ርዝመቱ 100፣ ውፍረቱ 1 ነው። ወርዱስ? ብዙው ተማሪ የውስጡን ዙሪያ ይወስዳል፤ ሁለት ጊዜ ፓይ ጊዜ ሦስት፣ 18.86 ገደማ ነው። ይዘቱ 1886 ይሆናል፤ ከ2200 በ314 ያንሳል። ሌላው የውጩን ዙሪያ ይወስዳል፤ 25.14 ነው። ይዘቱ 2514 ይሆናል፤ ከ2200 በ314 ይበልጣል። ያው ቁጥር በሁለቱም በኩል ብቅ አለ፤ በአጋጣሚም አይደለም።

የቧንቧውን አፍ ከፊት ለፊት ስንመለከተው ቀለበት ነው። ያንን ቀለበት ሰንጥቀን ስንዘረጋው የታችኛው ጎኑ 18.86፣ የላይኛው ጎኑ 25.14፣ ከፍታው 1 የሆነ ትራፒዚየም ይሆናል። የትራፒዚየም ስፋት የሁለቱ ጎኖች አማካይ በከፍታው ሲባዛ ነው፤ አማካዩ ልክ 22፣ ስፋቱም 22 ነው። የውስጡን ዙሪያ ብቻ የወሰደው ተማሪ መሃል ያለውን አራት ማዕዘን ለክቶ በግራና በቀኝ የሚቀሩትን ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ጥሏቸዋል። የሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች መሠረት ተደምሮ 6.28፣ ከፍታቸው 1፣ ስፋታቸው 3.14 ነው። በመቶ ሲባዛ 314።

እንግዲህ ተማሪዋ ያሰላችው ይዘት ከቧንቧው ውጭ የሆነ ባዕድ ነገር አልነበረም። ከብረቱ ውስጥ እነዚያን ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ብቻ ለክታ መካከለኛውን ትልቁን ክፍል ትታለች። የውስጡን ዙሪያ የወሰደው ተማሪ ደግሞ ትልቁን ክፍል ለክቶ እሷ የለካችውን ትቷል። የሁለቱ የተሳሳቱ መልሶች ሲደመሩ ሙሉውን ቧንቧ ይሰጣሉ፤ 1886 ሲደመር 314፣ 2200። በቀመር ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

R² − r² = 2r(R − r) + (R − r)²

በቀኝ በኩል ያለው ሁለተኛው ክፍል የእሷ ነው። ይህን ለሁለቱ ልጆች አንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን አሳዩአቸው፤ ቀመሩን ከዚያ ወዲያ አይረሱትም።

«ክብ ነገር ሲዘረጋ ትራፒዚየም ይሆናል ማለት ግምት አይደለም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አስተዋይ ተማሪ ይኖራል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። እውነተኛ ብረት ሲዘረጋ ውስጡ ይሳባል፣ ውጩ ይጨመቃል። የስፋቱ እኩልነት ግን በዚህ ላይ አይመሠረትም። የሲራኩሱ አርኪሜዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ክብ ልኬት በጻፈው አጭር መጽሐፍ፣ የአንድ ክብ ስፋት መሠረቱ የክቡ ዙሪያ፣ ከፍታው ራዲየሱ ከሆነ ሦስት ማዕዘን ስፋት ጋር እኩል መሆኑን አረጋግጧል። ከትልቁ ክብ ሦስት ማዕዘን የትንሹን ክብ ሦስት ማዕዘን ከጫፉ ብንቆርጥ የሚቀረው ያው የእኛ ትራፒዚየም ነው። ስለዚህ 22ቱ በትክክል ነው እንጂ በግምት አይደለም። በግምት የገባው ፓይ ብቻ ነው፤ 22/7ም ቢሆን አርኪሜዲስ በዚያው መጽሐፍ ፓይ ከዚህ ያንሳል ብሎ ያስቀመጠው የላይኛው ወሰን ነው።

የብረት ነጋዴዎችና መሐንዲሶችም ይህን ትራፒዚየም በየቀኑ ይጠቀሙበታል። የአንድ ሜትር የብረት ቧንቧ ክብደት በኪሎ ለማግኘት ከውጭው ዲያሜትር ላይ ውፍረቱን ይቀንሳሉ፣ በውፍረቱ ያባዛሉ፣ ከዚያም በ0.02466 ያባዛሉ፤ ልኬቱ ሁሉ በሚሊ ሜትር ነው። የእኛ ቧንቧ 80 ሲቀነስ 10፣ 70 ይሆናል፤ በ10 ሲባዛ 700፤ በ0.02466 ሲባዛ 17.26 ኪሎ። ከዲያሜትሩ ላይ ውፍረቱን ስንቀንስ የሚገኘው በግድግዳው መሃል ለመሃል የሚያልፈው የአማካዩ ክብ ዲያሜትር ነው። 0.02466 ደግሞ ፓይ በ7.85 ተባዝቶ ለአንድ ሺህ ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። ተማሪው ይህን ሲያይ ካሬ የሌለበት ቀመር እንዴት ትክክል እንደሆነ ራሱ ሊያስረዳ ይገባል፤ ጥሩ የቤት ሥራ ነው።

ለደብዳቤው መልስ መጻፍ የእኛ ድርሻ ነው። እኔ በመልሴ ውስጥ ማብራሪያ አልደግምም፤ ጥያቄ ብቻ ነው የምልከው፤ ቁጥሩንም ተጠንቅቄ እመርጣለሁ። ርዝመቱ 70፣ የውጭ ዲያሜትሩ 10፣ የውስጥ ዲያሜትሩ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቧንቧ። ፓይ በ70 ሲባዛ ልክ 220 ስለሚሆን ስሌቱ አይከብድም። ውፍረቱ ግን አሁን 2 ነው፤ መንገዶቹም ይለያያሉ። ትክክለኛው 3520 ነው። ራዲየሶቹን ቀንሶ በራሱ ያባዛ 880፣ በራስ ማባዛቱን የረሳ 440፣ የደመረ 1760፣ ቀዳዳውን የለካ 1980 ያገኛል። እያንዳንዱ ስህተት የራሱን ቁጥር ይዞ ይመጣል። በፈተናም ቢሆን ይህንን ጥያቄ ከመጀመሪያው ብንሰጥ ግማሹ ምርመራ ሳንደክም ይሠራልናል።

ክፍላችሁ ውስጥ ስልሳና ሰባ ተማሪ ያላችሁ «ይህን ሁሉ ደብዳቤ ማን ያነባል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ሁሉንም ጥያቄ በደብዳቤ አታስጽፉ፤ ከአንድ ፈተና አንድ ጥያቄ ይበቃል። ወረቀቶቹን በተሳሳተው ቁጥር ደርድሯቸው። 8800 ያሉት አንድ ክምር፣ 2829 ያሉት ሌላ ክምር ይሁኑ፤ ለእነዚህ በክፍል ውስጥ ሁለት ደቂቃ ንግግር ይበቃቸዋል። ደብዳቤ የምታስጽፉት 314 ላሉት ብቻ ነው። 2200 ካሉት መካከልም ስሌታቸውን ያላሳዩትን ጨምሩ፤ ደምሮ ያገኘው ልጅ እነሱ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ለደብዳቤው የምትሰጡት ነጥብ «ቁጥሩ የምን ይዘት ነው» ለሚለው መልስ ይሁን፤ ለይቅርታውና ለጽሕፈቱ ውበት አይሁን።

ደብዳቤ ከጓደኛ ሊገለበጥም ይችላል። ሲደርሰኝ ተማሪዋን ጠርቼ አንድ ጥያቄ በቃል እጠይቃታለሁ፦ «ውፍረቱን ለሦስት ብትከፍይውስ፣ የቀድሞው አሠራርሽ ስንት ይሰጥሻል?» በትክክል የገባት ሳታሰላ «ሲሶውን፤ 105 አካባቢ» ትላለች። የገለበጠችው ቀመር ፍለጋ ትሄዳለች። ለእሷ የፕላስተር ጥቅልና ማስመሪያ እሰጣታለሁ። የጥቅሉን የውጭና የውስጥ ዲያሜትር ትለካለች፤ የቀለበቱን ስፋት በሁለቱም አሠራር ታሰላለች። ቀጥላ ፕላስተሩን ሙሉ በሙሉ ዘርግታ ርዝመቱን ትለካና የቀለበቱን ስፋት ለርዝመቱ ታካፍላለች፤ የአንዱ ቅጠል ውፍረት ይወጣል። በአንደኛው አሠራር የሚወጣው ውፍረት፣ አሥር ቅጠል ደራርባ በማስመሪያ ከምትለካው ውፍረት አንድ አሥረኛ ጋር ይቀራረባል፤ በሌላኛው የሚወጣው ብዙ ይርቃል። ሁለተኛውን ደብዳቤ የምትጽፈው ይህን ልኬት ይዛ ነው።